ወሩን በአንድ ቤት ወይስ በየአራት ቀኑ በሌላ? ሂሳቡ ሲሠራ

የአንድ ወር የዕረፍት ፈቃድ ያገኘ ሰው የጉዞ እቅዱን ሲያሳይ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሰባት ስምንት ከተማ ተደርድሮ ይገኛል። ከዚያ ያው የተለመደ ጥያቄ ይከተላል፦ እንዲህ ልዙር ወይስ አንድ ቦታ ልቀመጥ? የእኛ መልስ አይለወጥም። አንድ አካባቢ ምረጡ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቤት ያዙ፣ ለ28 ሌሊት ተከራዩት። 27 አይሁን፣ 30ም አይሁን። ምክንያቱ ከታች አለ፤ አብዛኛው የገንዘብ ነገር ነው።

የየትም አገር ገንዘብ ቢሆን እንዲሠራ የአንድ ሌሊት መደበኛ ኪራይ 100 ነው ብለን እንነሳ። የጽዳት ክፍያው በአንድ ቤት 40፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሻንጣ ይዞ መሄጃው 60፣ በአካባቢው ሄዶ ማታ መመለሻው ደርሶ መልስ 25 ይሁን። በየአራት ሌሊቱ የሚዘዋወር ሰው ሰባት ቤት ይይዛል። ኪራዩ 2800፣ ጽዳቱ 280፣ ስድስቱ ጉዞ 360፤ ድምሩ 3440 ይመጣል።

አንድ ቤት ለ28 ሌሊት የያዘው ደግሞ በብዙ የኪራይ ድረ ገጾች ላይ አከራዩ ያስቀመጠው የወር ቅናሽ ይደርሰዋል። ቅናሹ 30 በመቶ ከሆነ ኪራዩ 1960፣ ጽዳቱ አንዴ 40፣ በሳምንት ሦስት ቀን እየወጣ ቢጎበኝ አሥራ ሁለቱ ደርሶ መልስ 300፤ ድምሩ 2300 ነው። ልዩነቱ 1140፣ ማለትም በሙሉ ዋጋ የአሥራ አንድ ሌሊት ኪራይ ነው። አከራዩ ሳንቲም ባይቀንስ እንኳ 3140 ይሆናል፤ አሁንም ከሚዘዋወረው ያነሰ ነው።

አሁን ወደ 28 እንምጣ። ከኪራይ ድረ ገጾቹ አንዱ በሆነው በኤርቢኤንቢ የሳምንት ቅናሽ ከ7 ሌሊት፣ የወር ቅናሽ ከ28 ሌሊት ይጀምራል። የሳምንቱ ቅናሽ 10፣ የወሩ 30 በመቶ የሆነበትን ቤት ውሰዱ፦ 22 ሌሊት ብትይዙት 1980፣ 28 ሌሊት ብትይዙት 1960። ስድስት ሌሊት ጨምራችሁ 20 ይተርፋችኋል! 27 ሌሊት የያዘ ሰውማ 2430 ይከፍላል። ቅናሹ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዳንዱ አከራይ ምንም አይቀንስም። ስለዚህ በማንኛውም ቤት ላይ መጀመሪያ 27፣ ቀጥሎ 28 ሌሊት አስገቡና ጠቅላላ ዋጋውን አስተያዩ። ለውጥ ከሌለ ለአከራዩ መልእክት ጻፉለት። የምትፈልጉት ወር በቀን መቁጠሪያው ላይ ከግማሽ በላይ ባዶ ከሆነ ለመቀነስ ምክንያት አለው።

30 ያልሆነበት ምክንያት ቪዛ ነው። የ30 ቀን ቪዛ በአብዛኛው የመግቢያውንም የመውጫውንም ቀን ይቆጥራል። 30 ሌሊት ያደረ ሰው 31 ቀን ቆየ ማለት ነው፤ በአንድ ቀን አሳለፈ ተብሎ ይያዛል። 28 ሌሊት 29 ቀን ነው፤ በረራ ቢሰረዝ አንድ ቀን ይተርፋል።

መሃል ሰፋሪው አማራጭ፣ አሥራ አራት አሥራ አራት ሌሊት በሁለት ቤት፣ ብልህ ይመስላል፤ ግን በሁለቱም ቤት የወር ቅናሹን ያሳጣል፣ የሳምንቱ 10 በመቶ ብቻ ይቀራል። በዚያው ሂሳብ ኪራዩ 2520፣ ጽዳቱ 80፣ አንዱ ዝውውር 60፣ አሥር ደርሶ መልስ 250፤ 2910 ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ቤቱን ለ28 ሌሊት እንደያዛችሁ፣ ሻንጣውን እዚያው ትታችሁ፣ በትንሽ ቦርሳ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሌሊት ራቅ ወዳለ ቦታ ወጥታችሁ እደሩ። በ2300ው ላይ ለአራቱ ሌሊት 400፣ ለመንገዱ 120 ቢጨመር 2820 ነው። ባዶ ለሚያድር ቤት መክፈል ብዙዎችን ያበሳጫል፤ ግን ቁጥሩ ይህን ነው የሚለው።

ድካሙን በገንዘብ መተመን ይከብዳል፣ በሰዓት ግን ይቆጠራል። ብዙ ቤት ጠዋት አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ያስወጣል፣ ቀጣዩ የሚያስገባው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። መሃል ያለውን ጊዜ ሻንጣ እየጎተቱ ነው የሚያሳልፉት። ማሸጉ፣ መንገዱ፣ የአዲሱን ቤት ቁልፍ መቀበሉ፣ ሱቅ መፈለጉ ሲደመር አንድ ዝውውር የአንድ ቀን አብዛኛውን ይበላል። ስድስት ዝውውር ከወሩ አንድ ሳምንት የሚጠጋ ይወስዳል።

አንድ ቤት መያዝ የሚበላሸው በአብዛኛው በቦታ ምርጫ ነው። ሰዎች በጣም ዝነኛውን ከተማ ይይዛሉ። ዝነኛው ከተማ ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ መስመር ጫፍ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ ወይም ተራራ ሥር ስለሚገኝ ከእሱ መውጫው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የሚፈለገው መስመሮች የሚገናኙበት፣ ስሙ እምብዛም የማይነሳ ከተማ ነው። በካርታ ላይ ልታዩአቸው የምትፈልጓቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ከታሰበው ከተማ በሕዝብ ትራንስፖርት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸውን ቁጠሩ። ከስምንት ካነሱ ወሩ አይሞላም፤ ሌላ ከተማ ሞክሩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስደው ቦታ ለደርሶ መልስ አይሆንም፤ እሱ ከላይ ላልነው የሁለት ሌሊት ጉዞ ይቀመጥ።

ዋናው ፈተና ግን የመመለሻው ነው። ጠዋት የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉም ቦታ አለ፤ ችግሩ ማታ ነው። በካርታው ላይ ጉዞውን ገልብጣችሁ፣ ከምትጎበኙት ቦታ ወደ ቤታችሁ፣ መነሻውን እሑድ ማታ አንድ ሰዓት አድርጋችሁ ፈልጉ። ቀኑም በትክክል በምትኖሩበት ወር ውስጥ ያለ እሑድ ይሁን፤ ብዙ መስመሮች በወቅት ስለሚለዋወጡ በዛሬው ቀን የሚታየው ውጤት ያሳስታል። መልሱ «ነገ ጠዋት» ከሆነ በዚያ መስመር በየጊዜው ታክሲ ትከፍላላችሁ፤ የ25ቱ ደርሶ መልስ ሂሳብ ያኔ ፈረሰ።

ቤቱ ራሱ ላይ መጨከን ያስፈልጋል። ለአራት ሌሊት የሚታለፍ ጉድለት ለ28 ሌሊት አይታለፍም። ለምሳሌ የውኃ ማሞቂያው። በማስታወቂያው ላይ «ሙቅ ውኃ አለ» ብቻ ይላል፣ የታንከሩን መጠን የሚጽፍ አከራይ ጥቂት ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ታንከር 60 ዲግሪ ቢሞቅና 15 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ወደ 40 ዲግሪ ቢቀላቀል 54 ሊትር ያህል ለገላ የሚስማማ ውኃ ይሰጣል። ተራ ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ያህል ያፈሳል፤ ስለዚህ ስድስት ደቂቃ ነው። 1500 ዋት ማሞቂያ ያን ታንከር እንደገና ለማሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሁለት ሰው ተከታትሎ ሊታጠብ አይችልም ማለት ነው፣ ለወር ሙሉ። በክረምት ውኃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ደቂቃው ከዚያም ያንሳል። ለሁለት ሰው 80 ሊትር ያለው ቤት ፈልጉ፤ ካልተጻፈ የታንከሩን ፎቶ ጠይቁ፣ ሊትሩ ብዙውን ጊዜ ጎኑ ላይ ባለው ወረቀት ይነበባል።

በተመሳሳይ መንገድ ሦስት ነገር ብቻ በመልእክት ጠይቁ፤ በስልክ አይሁን፣ መልሱ ተጽፎ መቅረት አለበት። ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ነው ወይስ የጋራ? የመብራት ፍጆታ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ገደብ አለው? በገደብ ከሆነ ስትገቡም ስትወጡም የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ የወር ኪራይ ላይ ከሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ይህ ነው። ሦስተኛው የኢንተርኔት ፍጥነት ነው፤ ከምትቀመጡበት ክፍል የተወሰደ ስክሪንሾት ይላክላችሁ። ራውተሩ አጠገብ የተለካ ቁጥር ስለ መኝታ ክፍሉ ምንም አይናገርም።

ማጭበርበሩም ለወር ኪራይ ይበረታል፣ የሚገኘው ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ። የአንዱን ቤት ፎቶ ወስዶ በሌላ ስምና በረከሰ ዋጋ የሚለጥፍ አለ። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሁለት ሦስት ፎቶ በምስል ፍለጋ አስገቡ፤ ያው ክፍል በሌላ ከተማ ስም ከወጣ ተዉት። «ከድረ ገጹ ውጭ ክፈሉኝ፣ ልቀንስላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ቤቱን ገብታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ድረ ገጹ የሚከላከልላችሁ በራሱ በኩል የተከፈለውን ብቻ ነው።

የ28 ሌሊቱ ትልቅ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፣ ሊደበቅም አይገባም። ኤርቢኤንቢ ከ28 ሌሊት ጀምሮ ላለው ቆይታ የረጅም ጊዜ የስረዛ ደንብ ነው የሚጠቀመው፤ ነጻ የመሰረዣው ጊዜ ካለፈ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ክፍያ አይመለስም። በሌላ አነጋገር ሙሉ ገንዘባችሁ። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት በቤቱ ማስታወቂያ ገጽ ላይ የነጻ ስረዛውን የመጨረሻ ቀን አንብባችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ፤ ፈቃዳችሁና ቪዛችሁ ከዚያ ቀን በፊት የማይረጋገጥ ከሆነ 28 ሌሊት አትያዙ።

ቤቱ ከማስታወቂያው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ችግሩን ባወቃችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለድረ ገጹ ማሳወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያውን ምሽት ለዚህ ስጡት። ሻንጣ ሳትፈቱ ክፍሎቹን በቪዲዮ ቅረጹ፣ ሻወሩን እስኪቀዘቅዝ ክፈቱና ደቂቃውን ያዙ፣ ምድጃውንና ማጠቢያውን አስነሱ፣ ፍራሹን ገልጣችሁ እዩ። ጉድለት ካለ በዚያው ምሽት ለአከራዩ በድረ ገጹ መልእክት ጻፉ። በአምስተኛው ቀን የሚነሳ ቅሬታ «እስካሁን የት ነበራችሁ» ይባላል።

መዘዋወር የሚያዋጣበትም ሁኔታ አለ። የምታዩአቸው ቦታዎች በአንድ ረጅም መስመር ላይ ከተደረደሩ፣ ከማንኛውም ከተማ ስምንቱን በአንድ ሰዓት መድረስ ካልተቻለ፣ አንድ ቤት መያዝ በየቀኑ ያንኑ መንገድ መመላለስ ይሆናል። ያኔ ሁለት ቤት ያዙ፤ ግን 21 እና 7 ሌሊት አድርጋችሁ ከፋፍሉት እንጂ እኩል አትክፈሉት። ረጅሙን ለመስመሩ መሃል፣ አጭሩን ለሩቁ ጫፍ ስጡ፣ የመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ለመመለሻው በረራ በቀረበው በኩል ይዋል።