ዲስክ ሲሞላ ምን ይገዛ? የፓይተን ኢንቫይሮመንቶችንና የሞዴል ካሼን ለሚያስቀምጥ ሰው የሦስት ዲስኮች ንጽጽር

የማሽን ለርኒንግ ሥራ የሚሠራበት ባለ 512 ጊጋባይት ላፕቶፕ ሲሞላ፣ አብዛኛው ሰው በቀጥታ የሚሄደው ትልቅ ዲስክ ወደመግዛት ነው። ይሁን እንጂ ዲስኩን የሚሞሉት ሁለት ጠባያቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ነገሮች ናቸው፤ ከውስጥ ኤስኤስዲ፣ ከዩኤስቢ ኤስኤስዲና ከሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነውም የሁለቱ ድርሻ ነው። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ክምችት ሲሆን፣ የሞዴል ካሼ ግን እያንዳንዳቸው ብዙ ጊጋባይት የሚይዙ ጥቂት ፋይሎች ያሉበት ነው። የመጀመሪያው ከውስጥ ዲስክ ባይወጣ ይሻላል፤ ሁለተኛው ወደ ውጪ ዲስክ ቢዛወር የሚያጣው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ከግዢው በፊት ድርሻውን መለካት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ላይ እነዚህ ትእዛዞች ይበቃሉ፤ በ`venv` ወይም በ`uv` የተሠራ እያንዳንዱ ኢንቫይሮመንት `pyvenv.cfg` የሚባል ፋይል ስላለው የመጨረሻው ትእዛዝ የተረሱትን ጭምር ፈልጎ ያወጣል።

```
df -h ~
du -sh ~/.cache/pip ~/.cache/uv ~/.cache/huggingface/*
find ~ -name pyvenv.cfg -printf '%h\0' | xargs -0 -r du -sh
```

ለምሳሌ ያህል ውጤቱ እንዲህ ሆነ እንበል፦ እያንዳንዳቸው 6 ጊጋባይት የሚሆኑ 9 ኢንቫይሮመንቶች፣ 16 ጊጋባይት የ`pip` ካሼ፣ 130 ጊጋባይት ሞዴሎች፣ 90 ጊጋባይት ዳታሴቶች። በድምሩ 290 ጊጋባይት ነው።

የኢንቫይሮመንቶቹ ክብደት በአብዛኛው የሚመጣው ከፓይቶርችና አብረውት ከሚወርዱት የኩዳ ላይብረሪዎች ነው። `pip` እነዚህን ፋይሎች ለእያንዳንዱ ኢንቫይሮመንት አዲስ አድርጎ ይገለብጣል፤ ሁለት ፕሮጀክቶች አንድ ዓይነት ቨርዥን ቢጠቀሙም ቦታው ሁለት ጊዜ ይያዛል። `uv` የሚባለው ሌላው የጥቅል መጫኛ ግን ጥቅሉን አንድ ጊዜ በካሼው ካስቀመጠ በኋላ ኢንቫይሮመንቶቹን በሀርድ ሊንክ ወይም እንደ ሲስተሙ በሌላ ተመሳሳይ የመጋሪያ ዘዴ ከዚያ ጋር ያያይዛቸዋል። 9ኙ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙት ሦስት የፓይቶርች ቨርዥኖችን ብቻ ከሆነ፣ 54ቱ ጊጋባይት ኢንቫይሮመንቶቹ በ`uv` እንደገና ሲሠሩ ወደ 18 አካባቢ ይወርዳል። ዘጠኙም የተለያየ ቨርዥን ከያዙ ግን ብዙም አይቀንስም። `conda` በራሱ ለሚጭናቸው ጥቅሎች ይህንኑ ያደርጋል፤ በ`conda` ኢንቫይሮመንት ውስጥ በ`pip` የተጫነው ግን እንደ ወትሮው ይገለበጣል። የግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ደግሞ ለሲፒዩ ብቻ የተዘጋጀውን ፓይቶርች መጫን ከዚህ ሁሉ በላይ ቦታ ያስለቅቃል፤ ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን ኩዳ ተሸክሞ መኖሩ ይገርማል።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት ነገር አለ። ሀርድ ሊንክ የሚሠራው በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የ`uv` ካሼ ወደ ውጪ ዲስክ ከተዛወረና ፕሮጀክቶቹ በውስጥ ዲስክ ከቀሩ፣ `uv` ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ወደ መገልበጥ ይመለሳል፤ ቁጠባውም በዚያው ይጠፋል። ኢንቫይሮመንቱን ራሱን ማዛወርም አያዋጣም። በውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች ሙሉ አድራሻ የተጻፈባቸው በመሆኑ ቦታው ሲቀየር ይሰበራሉ፤ በዝግተኛ ዲስክ ላይ ደግሞ ትናንሾቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ማንበቡ የ`import` ጊዜን በግልጽ ያረዝመዋል።

ሞዴሎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል በ16 ቢት ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር 2 ባይት ስለሚወስድ 14 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሲጫንም በአብዛኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍሰት ይነበባል። ሦስቱን አማራጮች ጎን ለጎን የምናያቸው በዚህ ሥራ ነው። በሰከንድ 3 ጊጋባይት የሚያነብ የውስጥ ኤስኤስዲ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በ10 ጊጋቢት ዩኤስቢ የተገናኘ ኤስኤስዲ በተግባር በሰከንድ 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሰጥ 14 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መሰኪያው ባለ 5 ጊጋቢት ከሆነ ግን ያው ዲስክ 35 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ሁለት ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ሞዴሉ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ከዚያ በኋላ በማስታወሻ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ፣ በ5ና በ14 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት በእኔ ግምት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል አይደለም። የሚያስቆጨው ፈጣን የውጪ ዲስክ ገዝቶ በዘገምተኛ መሰኪያ ወይም ገመድ መጠቀም ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የላፕቶፑ መሰኪያ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይረጋገጥ።

ዳታሴት ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። የሀጊንግ ፌስ `datasets` ላይብረሪ ከኢንተርኔት ያወረደውን የተጨመቀ ፓርኬ ፋይል በሞዴሎቹ ካሼ ውስጥ ያስቀራል፤ ያንኑ ዳታ ባልተጨመቀ የአሮው ፋይል በ`datasets` ፎልደር ይጽፋል፤ `map` በተጠራ ቁጥርም ውጤቱን `cache-` ብሎ በሚጀምር ሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ከ90ው ጊጋባይት ብዙው እንዲህ ያለ የ`map` ቅጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ከግዢ በፊት በ`cleanup_cache_files()` ማጽዳት ይቀድማል። በቀረው ዳታ ላይ ሞዴል ሲሠለጥን ግን ንባቡ በዘፈቀደ እዚህና እዚያ የሚዘል ነው፤ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ያህል እንዲህ ያለ ዝላይ ብቻ ስለሚችል ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ሀርድ ዲስክን ለማይነኩ አሮጌ ሞዴሎች ማስቀመጫነት እንጂ ለሌላ አልመክርም።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ የ`pip` ካሼ በ`pip cache purge` ሲወገድ፣ ኢንቫይሮመንቶቹ ሲጋሩና ዳታሴቱ ሲጸዳ፣ ዋናው ሸክም 130 ጊጋባይቱ ሞዴል ሆኖ ይቀራል። ለዚህ 1 ቴራባይት የዩኤስቢ ኤስኤስዲ በቂ ነው። ትልቅ የውስጥ ኤስኤስዲ መግዛት ያለበት ከማስታወሻው በላይ የሆነ ዳታሴት በየዕለቱ የሚያነብ፣ ወይም ኢንቫይሮመንቶቹ በእርግጥም የተለያዩ የሆኑበት ሰው ነው። እሱም ቢሆን ዲስኩ በቦርዱ ላይ የተበየደ አለመሆኑን፣ የማስገቢያውን ርዝመትና የፒሲአይኢ ትውልድ አስቀድሞ ይመልከት፤ በሦስተኛ ትውልድ ማስገቢያ ላይ የአራተኛ ትውልድ ዲስክ የሚሮጠው በሦስተኛው ፍጥነት ነው።

የውጪውን ኤስኤስዲ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ በ`exFAT` ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ ይወቅ። `exFAT` ሲምሊንክ ስለማያውቅ፣ የሀጊንግ ፌስ ካሼ በቨርዥኖች መካከል ፋይል መጋራቱን ያቆማል፤ ሞዴሉ በታደሰ ቁጥር ያልተለወጠውም ፋይል እንደገና ሊወርድ ይችላል። ለሊኑክስ ብቻ ከሆነ ባዶ ሳለ በ`ext4` ፎርማት ማድረግ ይሻላል። ከዚያ ሞዴሎቹን ብቻ አውጥቶ ዳታሴቱን በውስጥ ማቆየት ይቻላል፦

```
export HF_HUB_CACHE=/mnt/ssd/hub
df -h /mnt/ssd
```

ሁለተኛው መስመር ትርፍ አይደለም፤ ፎልደሩ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ያሳያል። ዲስኩ ሳይሰካ ሥራ ከተጀመረና `/mnt/ssd` ተጠቃሚው የሚጽፍበት ተራ ፎልደር ከሆነ፣ ላይብረሪው ያለ ምንም ስሕተት ሞዴሉን በውስጥ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ ያወርዳል፤ የውጪው ዲስክ ተመልሶ ሲሰካ ደግሞ የወረደው ፋይል ከሥሩ ተደብቆ ቦታ እንደያዘ ይቀራል፣ `du`ም አያገኘውም። ፎልደሩን ዲስኩ ባልተሰካበት ጊዜ የ`root` ንብረት ማድረግ ይህን ይከለክላል፤ ያኔ ማውረዱ በፈቃድ ስሕተት ወዲያው ይቆማል።