ቤተሰቤን ለገና ደሴ ድረስ ላመጣችልኝ የትኬት ቢሮ ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እዚህ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም። ይህን የምጽፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የትኬት ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅን ላመሰግን ነው። እግረ መንገዴንም ለሚቀጥለው በዓል ቤተሰብ የምታስመጡ ካላችሁ ልጠቁማችሁ። ስሜ አደባባይ አይውጣ ስላለችኝ አልጽፈውም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቢሮውን አሳየዋለሁ። ዘመዴ አይደለችም፣ ኮሚሽንም የለኝም። ከበዓሉ በኋላ ትንሽ ቡና ይዤላት ብሄድ እሱን እንኳ በስንት ግብግብ ነው የተቀበለችኝ።

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር። እናታችን ትንሹን ልጅ በቪዲዮ ካልሆነ አይታው አታውቅም ነበር። "ለገና ካልመጣችሁ ስልክም አትደውሉልኝ" ብላ አኮረፈች። እናት ስታኮርፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግን የእኛ ታኅሣሥ 29 እነሱ ዘንድ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ ተከፍቷል። እረፍቱ ከእነሱ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ነው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሐበሻ ሁሉ በዚያችው ሳምንት ነው ከዋሽንግተኑ ደላስ ኤርፖርት ልነሳ የሚለው፣ ዋጋውም የዚያን ሳምንት ሰማይ ይነካል። እህቴ ልጆቹን ጥቂት ቀን ከትምህርት ለማስቀረት ወሰነች፤ ዲሴምበር 26 ተነስተው ጃንዋሪ 10 እንዲመለሱ ተስማማን። እናቴ አሁንም "ጥምቀትን ሳያዩ?" ትላለች፣ እሱን ተዉት።

እህቴ በስልኳ ስታየው የአራት ሰው ዋጋ አስደነገጣት። አራት ያልኩት ትንሹ ታቅፎ ስለሚሄድ ነው። እኔም ቁጥሩን ይዤ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። ያስገረመችኝ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ፈለገች፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት። ለአንድና ለሁለት ሲሆን የነፍስ ወከፉ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለአራት ሲሆን ይዘላል። ለምን ብትሉ፣ ኢኮኖሚ ክፍሉ ወንበሩ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ዋጋው ደረጃ ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ የተወሰነ ወንበር ነው የሚሸጠው፣ ርካሹ ሲያልቅ ቀጣዩ ይመጣል። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ስትጠይቁት ሲስተሙ አራቱን በአንድ ላይ የሚይዝ ደረጃ ነው የሚፈልገው፤ ርካሹ ላይ ሁለት ብቻ ቀርቶ ከሆነ እነዚያን ሁለቱን ትቶ አራታችሁንም በውዱ ያሰላችኋል። እሷ ቡኪንጉን ለሁለት ከፈለችው። እህቴ ከአንዷ ልጇና ከታቃፊው ጋር በርካሹ፣ ባሏ ከሌላው ልጅ ጋር በቀጣዩ።

ይህንን ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። ግን የሚያስከትለውንም ነገረችኝ። ቡኪንጉ ሁለት ከሆነ በረራው ሲቀየር ወይም ሲሰረዝ አየር መንገዱ እንደ ሁለት የማይተዋወቅ ሰው ነው የሚያያችሁ፤ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ እርስ በርስ የተያያዙ መሆናቸውን ቡኪንጉ ላይ አስጻፈች። ልጅ ደግሞ መቼም ያለ አዋቂ ለብቻው ቡኪንግ ውስጥ አይቀመጥም።

ቀጥሎ የፓስፖርት ፎቶ ላኩልኝ አለች፣ የሁሉንም። በስልክ ስም አትቀበልም። እኛ ወሎዎች ደግሞ ሙሐመድ የሚለውን ስም ስንት ዓይነት ስፔሊንግ እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ። ትኬቱ ላይ የሚገባው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፣ ፊደል በፊደል። የትንሹን ፓስፖርት ስታይ ቀና ብላ "ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እኮ እዚህ እያለ ሁለት ዓመት ይሞላዋል" አለችኝ።

እኛ ልደቱን ለማክበር ነበር የምናስበው። ለካ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታቅፎ ሲሄድ በአብዛኛው የአዋቂውን 10 በመቶ ያህል ነው የሚከፈልለት፤ ሁለት ከሞላው ግን የልጅ ትኬትና የራሱ ወንበር ግዴታው ነው። የሚታየው ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን አይደለም፣ እያንዳንዱ በረራ የሚነሳበት ቀን ነው። ልደቱ ጃንዋሪ 3፣ መመለሻው ጃንዋሪ 10። ሲሄዱ ሲመጡ በታቃፊ ቢቆረጥለት ኖሮ ቦሌ ላይ፣ በበዓል ሰሞን በሞላ አውሮፕላን፣ ወንበር ግዙ ይባሉ ነበር። መምጫውን በታቃፊ፣ መመለሻውን በወንበር አደረገችው። ሂሳቡ ጨመረ፣ ያኔውኑ ግን አወቅነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው ከአሜሪካ አዲስ አበባ ድረስ ይቆርጥና የኮምቦልቻውን የአገር ውስጥ በረራ "እዛው እናያለን" ይላል። ከዚህ ቀደም አንድ ሌላ ቢሮ፣ ስሙ ይቅር፣ ለአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው የሠራለት፤ ሁለት ለየብቻ ትኬት። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ፣ የኮምቦልቻው ትቶት ሄደ። ሁለተኛው ትኬት የመጀመሪያውን ስለማያውቀው ማንም ኃላፊ አልሆነም፣ ሌላ ገዝቶ መጣ። ሻንጣውም ሌላ ጣጣ ነው። ከአሜሪካ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይዞ መጥቶ፣ ለብቻው የተቆረጠው የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቅደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ትርፍ ኪሎ ከፈለ። እሷ ግን ከደላስ እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ትኬት ነው የቆረጠችው። ሲስተሙ ላይ ኤርፖርታችን DSE ነው የሚባለው፣ እሱን ጽፋችሁ ፈልጉ። እንዲህ ሲሆን የሻንጣው መጠን እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥ ደግሞ በሌላ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። እህቴንም ደላስ ላይ ሻንጣ ስታስመዝን የሚለጠፈውን ወረቀት እንድታነብ ነገረቻት። DSE ካለ እስከ ኮምቦልቻ ነው የተመዘገበው፣ ቦሌ ላይ መረከብ ይኖርባት እንደሆነ ግን ትጠይቅ፤ ADD ካለ ቦሌ ላይ ተረክባ እንደገና ማስመዝገብ አለባት። ደርሶ ሻንጣ መረከቢያው ጥግ ቆሞ ከመጨነቅ እዚያው ጠይቆ መገላገል ነው።

አንድ ትኬት ግን የራሱ ወጥመድ አለው፣ ልጅቷ ባትኖር ኖሮ ሁላችንም እንገባበት ነበር። እህቴ ለመምጣት ጥቂት ቀን ሲቀራት የባሏ ወንድም አዲስ አበባ ላይ መኪና አዘጋጀ። ከቦሌ በቀጥታ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና አድርገው በመኪና ይምጡ፣ ልጆቹ አገር ይዩ፣ የአውሮፕላኑ ትቅር አለ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም እንዲሁ በወሬ መሃል ለልጅቷ ነገርኳት። ብድግ አለች። "ጋሼ፣ እንዳታደርጉት! የኮምቦልቻውን ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ኖ ሾው ይላል፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይሰረዛል። መመለሻቸውም አብሮ ይሄዳል።" ትኬቱ በተቆረጠበት ቅደም ተከተል ነው የሚሠራው፤ መሃሉን ዘላችሁ መጨረሻውን መጠቀም አይቻልም። በመኪና መምጣት የግድ ከሆነ በረራው ከመነሳቱ በፊት ማስቀየር ነው፣ እሱም እንደ ትኬቱ ዓይነት ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። አስልታ አሳየችን፣ አላዋጣንም። በአውሮፕላን መጡ። ባለ መኪናው ወንድም ትንሽ ቅር አለው፤ እሱም በኋላ በመኪናው ብቻውን መጥቶ ዶሮ ወጡን በላ።

መመለሻው ላይ የኮምቦልቻውና የአዲስ አበባው በረራ መሃል ሰፊ ጊዜ ተወችላቸው። የኮምቦልቻው ቢሰረዝ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው፣ የአንድ ቀን ጉዞ አስቡት። ከ24 ሰዓት ግን አላሳለፈችውም፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ቆይታ ይቆጠርና ዋጋውም ሻንጣውም ሊቀየር ይችላል። ሰዓቱንም በእጇ በሐበሻ ጻፈችልን። ትኬት ላይ 22:30 ካለ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። 00:30 ካለ ደግሞ ቀኑን አስተውሉ፣ በ10ኛው ቀን ተብሎ የተጻፈው በ9ኛው ምሽት ቦሌ መገኘት ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ፣ እዚህ ላይ ሰው ስለሚጭበረበር። ሪዘርቬሽን ትኬት አይደለም። ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ ያለበት ወረቀት ማንም ሊያወጣላችሁ ይችላል፣ ካልተከፈለበት በቀነ ገደቡ ራሱ ይሰረዛል። ትኬት የሚባለው የትኬት ቁጥር ሲኖረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል፣ በጠቅላላው 13 አሃዝ ነው። ለሁሉም ተጓዥ አንድ አንድ አለው፣ ለታቃፊውም ጭምር። ኮዱንና ትኬቱ ላይ ያለውን ላስት ኔም ይዛችሁ ethiopianairlines.com ላይ ገብታችሁ እዩት። እሷ ራሷ ፊታችን ከፍታ አሳየችን፣ እህቴም በስልክ እያየች ነበር። የከፈለችውም እህቴ ናት፣ በራሷ ካርድ። "በእኔ አካውንት አስገቡልኝ፣ ነገ ይወጣል" የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ።

ጉድለት የላትም አልልም። ምሳ ሰዓት ስልክ አታነሳም። ትንሽ ትቆጣለች፣ በተለይ የፓስፖርት ፎቶ ደብዝዞ ከመጣላት። የአገልግሎት ክፍያዋም ከሌሎቹ አይቀንስም፤ ግን ከመጀመሪያው ትነግራችኋለች፣ ደረሰኝም ትሰጣለች። ቪዛ አትሠራም፤ ለልጆቹ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ወይም ኢ-ቪዛ እንደሚያስፈልግ አስታውሳ ወደሚመለከተው ነው የላከችን።

ለሚቀጥለው ገና የምታስቡ መስከረም ሳይጋመስ ሂዱ፤ ርካሹ ደረጃ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ለግሸን የምታስመጡ ደግሞ መስከረም 21 ሳይደርስ ሐምሌ ላይ ብትጀምሩ ይሻላል። ለአረፋ የሚጠይቅ ጎረቤቴንም ሰሞኑን ወደ እሷ ልኬዋለሁ። ስትሄዱ የሁሉንም ፓስፖርት ጥርት ያለ ፎቶና የልጆቹን የልደት ቀን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምሳ በፊት።