ቁጥሬን አሳንሳ ሥራ ያስገኘችልኝ ዲዛይነር

ይህን የምጽፈው ሚዲያ ኪቴን፣ ማለትም ቻናሌን ለብራንዶች የማስተዋውቅበትን ሰነድ፣ የሠራችልኝን ልጅ ለማመስገን ነው። ስሜን በአደባባይ አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራትም። ኢንቦክስ ለሚያደርግልኝ ግን ስልኳን እሰጣለሁ።

ዩቲዩብ ላይ የምግብ ቻናል አለኝ። 41,000 ሰብስክራይበር ደርሻለሁ። ለብራንዶች የምልከውን ሚዲያ ኪት ራሴ ነበር የሠራሁት፤ አራት ገጽ፣ ባለ አበባ፣ አናቱ ላይ በትልቁ «620,000 ቪው» የሚል። እውነት ነው፣ አንድ የድፎ ዳቦ ቪዲዮ ያን ያህል ታይቶልኛል። ከሁለት ዓመት በፊት። ለስንቱ ልኬ «እናይሽና እንደውላለን» ተብዬ ቀርቻለሁ።

ልጅቷ ኪቱን ካየች በኋላ ስለ ቀለም አንድም ነገር አላለችም። «የመጨረሻዎቹን 10 ቪዲዮዎች ቪው ንገሪኝ» አለችኝና ከትንሹ ወደ ትልቁ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው። ዘጠኙ ከ6,200 እስከ 10,500 ናቸው። አንዱ ብቻ 96,000 ገብቷል። እኔ አማካይ አውጥቼ 17,200 ስላት ሳቀች። «ከአንዷ በስተቀር ይህን ቁጥር የነካች ቪዲዮ የታለች?» መሃል ላይ ያሉትን አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን፣ 8,400 እና 9,000ን፣ ወስዳ መካከላቸውን ጻፈች፦ 8,700። ግማሽ ሆንኩ ማለት ነው! ትንሽ ተኮራረፍን። «የሚከፍልሽ ሰው 8,700 ጠብቆ 9,000 ቢያገኝ ይደሰታል፤ 17,000 ጠብቆ 9,000 ቢያገኝ ግን ዳግም አይመጣም» ብላ ዘጋችኝ።

ቀጥሎ የተመልካቾቼን አገር አየች። እኔ «በመላው ዓለም ተከታዮች አሉኝ» ብዬ አልፌው ነበር። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ ስንከፍተው ከኢትዮጵያ የሚያዩኝ 34 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አሜሪካ፣ ሳውዲ፣ ኤምሬትስ እያለ ይሄዳል። እኔ ልደብቀው ስል እሷ ዋናው ነገር እሱ ነው አለች። አዲስ አበባ ብቻ ለሚሸጥ ሱቅ 8,700 ቪው ማለት ወደ 3,000 የአገር ውስጥ እይታ ነው፤ ቢከፍለኝም ለዚያው ያህል ነው። በርበሬና ሽሮ ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው ግን ያ የቀረው ሁለት እጅ ገበያው ነው። ስለዚህ አገሩን ከቪው ቁጥሩ ጎን እኩል በትልቁ አስቀመጠችው። ከሥሩ ደግሞ በትንሹ «ያለፉት 28 ቀናት» የሚልና ቁጥሩ የተወሰደበትን ቀን ጻፈች። ቀን የሌለው ቁጥር ማንም አያምነውም አለችኝ።

የሠራኋቸው ሥራዎች ቦታ ላይ 14 ሎጎ ደርድሬ ነበር። «ከነዚህ ውስጥ የከፈለሽ ማነው?» ሦስት። የቀረው ናሙና ልከውልኝ ያመሰገንኳቸው ናቸው። አስራ አንዱን አወጣቻቸው። ለሦስቱ እያንዳንዳቸው ሁለት መስመር ጻፈች፦ ምን ጠየቁኝ፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ተገኘ። አንደኛው የቅናሽ ኮድ ሰጥቶኝ 46 ሰው ነው የተጠቀመው። አፍሬ ልተወው ነበር። እሷ አስገባችው። ዋጋ ግን እንዳስገባ አልፈቀደችም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ስለሚለያይ ለብቻው ሲጠየቅ ይላካል አለች።

አድራሻው ነው ያሳቀኝም ያናደደኝም። የድሮው ኪቴ ፎቶ ነበር። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስልከው ይደበዝዛል፣ ስልክ ቁጥሩም ኮፒ አይደረግም። ኢሜሌ ደግሞ የተማሪነቴ ነው፤ ከፍቼው የማላውቀው። ስንከፍተው አንድ ድርጅት ከሁለት ወር በፊት ጽፎልኝ አገኘን። አሁን አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ነው፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ኢሜል፣ አንድ የቻናል ሊንክ። ስልክ ቁጥሩን ሲነኩት ይደውላል። የእናቷን አሮጌ ስልክ አምጥታ ሞከረችው፤ የአማርኛው ፊደል ወደ ሳጥን ሳጥን እንዳይቀየር ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አስገብታዋለች።

እንከን የላትም አልልም። በአምስት ቀን ብላኝ በዘጠኝ ቀን ነው ያስረከበችኝ። ጽሑፉንም በፈዛዛ ግራጫ ሠርታው አጥቁሪው ብዬ ተሟግቻለሁ። ቁጥሩን በየሦስት ወሩ ራሴ እንዳድስ ግን የሚስተካከለውን ፋይል ሳልጠይቃት ነው የሰጠችኝ።

አዲሱን ኪት ለአምስት ሰው ላክሁ። በርበሬና ሽሮ ወደ አሜሪካ የሚልክ አንድ ነጋዴ በሦስተኛው ቀን ደወለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አሜሪካ ተመልካቾቼ ነው። ሁለት ቪዲዮ ተስማማን።

የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን 10 ቪዲዮዎቻችሁን ስክሪንሾት አዘጋጁ፤ ያለሱ ወሬ አትጀምርም።