«ፕሮ ልጫንልህ» ለሚል ሻጭ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉ

ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡ።

የእህቴ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ስትገዛ ሻጩ «ዊንዶውስ ሆም ደካማ ነው፣ ፕሮ ይፈጥናል» አላትና ዊንዶውስ 11 ፕሮ ጫነላት። ለዚህም ለብቻው አስከፈላት። ይፈጥናል የተባለው ውሸት ነው። ዎርዱም፣ ዙሙም፣ ኮድ መጻፊያውም በሁለቱ ላይ እኩል ነው የሚሠሩት። ኦፊስም ቢሆን ከፕሮ ጋር በነጻ አይመጣም።

የባሰው ግን የተጫነው ነገር ራሱ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና R አንድ ላይ ተጭነን ይህን ጻፍን፦

```
slmgr /dli
```

የወጣው VOLUME_KMSCLIENT የሚል ነው። ይህ የራሱ የፈቃድ ሰርቨር ላለው ትልቅ ድርጅት የሚሰጥ ዓይነት ሲሆን፣ ካልታደሰ በ180 ቀን ያበቃል። የተማሪ ላፕቶፕ ላይ ምን ይሠራል? ሱቅ የጫነው ከሆነ ክራክ ነው ማለት ይቻላል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ Exclusions የሚለውን ስናይ ደግሞ አንድ ፎልደር እንዳይፈተሽ ተደርጓል። ልጅቷ የባንክ አፕ የምትከፍተው በዚሁ ማሽን ነው እንግዲህ!

የሚያናድደው፣ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ማዘርቦርዱ ላይ የሆም ቁልፍ ነበረው። ዋጋው ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ተከፍሏል። ስለዚህ ፋይሎቿን ወደ ፍላሽ ገልብጠን፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ዊንዶውስ አውርደን እንደ አዲስ ጫንን። ቁልፉን ራሱ አግኝቶ ሆምን መረጠ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ሆነ። ምንም አልከፈልንም። አሁን ያው ትእዛዝ OEM_DM ይላል፣ የፋብሪካው ቁልፍ ማለት ነው። (ስሙ ላይ Core ካያችሁ አትደንግጡ፣ ሆም ማለት ነው።)

ያገለገሉ ላቲቲዩድ፣ ቲንክፓድና ኤሊትቡክ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ቁልፍ ፕሮ ነው። እዚያም «ለፕሮ ጨምር» የሚባል ነገር የለም።

ትንሽ ቢሮ ላላችሁ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ፒችትሪ ቢሮ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው እንበል፣ እናንተ ደግሞ ከቤት ሆናችሁ በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት ትፈልጋላችሁ። ሆም ይህንን አይቀበልም። ፕሮ የሚያስፈልገው ግን የሚገባበት የቢሮው ማሽን ብቻ ነው፤ ቤት ያለው ላፕቶፕ ሆም ቢሆን ይበቃል። ለሁሉም ሠራተኛ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። ኮምፒውተሮቹን በዶሜይን ከአንድ ቦታ የምታስተዳድሩ ከሆነ ግን ሁሉም ፕሮ መሆን አለባቸው።

ሕጋዊው መንገድ ከማይክሮሶፍት ስቶር ሆምን ወደ ፕሮ ማሳደግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 99 ዶላር ነው፤ ፎርማትም አያስፈልገውም። ሱቅ ውስጥ በጥቂት መቶ ብር «ኦሪጂናል ፕሮ» ሲሏችሁ ይህንን ዋጋ አስቡ።

አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ «ፎርማት አድርጌ ላዘጋጅልህ» የሚለውን እምቢ በሉ። የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ብሩን ከማስተላለፋችሁ በፊት ያቺን ትእዛዝ እዚያው ሻጩ ፊት ጻፏት።