ለፊንጢጣ ኪንታሮት ክሬም ወይስ ከውስጥ የሚከተት ሰፖዚተሪ? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ይህን ጥያቄ ሰው በስልክ እንጂ ፊት ለፊት አይጠይቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኔ የተጠቀምከው ምን ነበር?» ይለኛል። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ደውለውልኛል። አንዱማ የደወለው ቸርችል ጎዳና ካለ ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ምርጫዬን ከፊት ልናገር። ለሚያሳክክና ለሚያቃጥል ኪንታሮት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ተራ ቅባት እገዛለሁ። ሕመሙ ከጠና ለጥቂት ቀን ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበትን እጨምራለሁ። ስቴሮይድ ያለበትን ግን ከ7 ቀን በላይ አልነካውም። ይህን ያወቅሁት ከፍዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ሥራ ነው ያለኝ። የሆድ ድርቀትም ነበረብኝ። ማሳከኩ ሲብስብኝ ስቴዲየም አካባቢ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ከውጭ የመጣ፣ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ስቴሮይድና ሊዶካይን አብረው ያሉበት የ15 ግራም ክሬም ሰጡኝ። 420 ብር። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ድራሹ ጠፋ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም «እንዳይመለስ» ብዬ መቀባቴን ቀጠልኩ። ሲያልቅ ሁለተኛውን በ450 ገዛሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ውሃ ሲነካኝ ያቃጥለኝ ጀመር። ስታጠብ ሶፍቱ ላይ ቀጭን የደም መስመር አያለሁ። ኪንታሮቱ የባሰ መሰለኝ። ሌላ ፋርማሲ ሄጄ «ጠንከር ያለ ስጡኝ» አልኩ። ቤታሜታዞን የሚባል ሌላ ስቴሮይድ ያለበት ቱቦ በ260 ብር ተሰጠኝ። ስንት ቀን እንደምቀባው የነገረኝ ሰው የለም። ለአራት ቀን ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ከበፊቱ ሁሉ ባሰ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ አይታ «ኪንታሮቱ ትንሽ ነው፤ ያቆሰለህ ክሬሙ ነው» አለችኝ። ቆዳው ሳስቷል፣ ያብለጨልጫል፣ ጥቃቅን ስንጥቅ አውጥቷል። ደሙ የሚመጣው ከስንጥቁ ነበር። ለሦስት ቱቦ 1,130 ብር አውጥቼ የገዛሁት አዲስ በሽታ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ያስረዳችኝን እኔም ላስረዳ። ስቴሮይድ የሰውነትን የቁጣ ምላሽ ያበርዳል። እብጠት፣ መቅላት፣ ማሳከክ ይቀንሳል። ኪንታሮቱን ግን አይነቅለውም። ኪንታሮት ያበጡና ወደ ታች የተንሸራተቱ የደም ሥር ትራሶች ነው፤ ማንኛውም ቅባት ወደ ቦታቸው አይመልሳቸውም። ስቴሮይዱ ከቁጣው ጋር አብሮ የሚያዳክመው ሌላ ነገር አለ፤ ቆዳ ራሱን የሚሠራበትን ኮላጅን። ቀን በቀን ሲቀባ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። የፊንጢጣ ዙሪያ ደግሞ ሲጀመርም ቀጭን ነው። ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ሁለቱ መቀመጫ ገጥመው እንደ ፋሻ ይሸፍኑታል። እጅ ላይ ለስላሳ የሚባለው ክሬም እዚያ ሲገባ ጉልበቱ ይጨምራል። ፈንገስ ካለ ደግሞ ስቴሮይዱ መከላከያውን ስለሚያዳክምለት ተደላድሎ ይሰፋል።

ወጥመዱ ሲያቆሙት ነው የሚታየው። ለብዙ ሳምንት የተቀባ ሰው ሲያቆም ማሳከኩና መቅላቱ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ «በሽታው አገረሸ» ብሎ እንደገና ይቀባል። እኔ በዚህ ዙር ሁለት ወር ግድም ተሽከርክሬያለሁ።

አሁን ስለ ግራም ላውራ፤ ማንም የማይነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ የሚወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። በቀን ሁለቴ ብትቀቡ 1 ግራም። በ7 ቀን 7 ግራም። የ15 ግራሙ ቱቦ በሳምንቱ መጨረሻ ከግማሽ በላይ ሊተርፍ ይገባል ማለት ነው። ሰው ግን 420 ብር ከፍሎ ግማሹን መጣል ያንገበግበዋል። እኔንም ያንገበገበኝ እሱ ነው። የስቴሮይድ ቱቦ እስኪያልቅ የሚጨመቅ እንዳልሆነ ከገባችሁ ግማሹን ጥፋት አመለጣችሁ። በ7 ቀን ካልተሻላችሁም መልሱ ሐኪም እንጂ ሁለተኛ ቱቦ አይደለም።

ስቴሮይዱን ለማወቅ ካርቶኑን አገላብጡትና በደቃቁ የተጻፈውን የውስጥ ይዘት አንብቡ። ሃይድሮኮርቲዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሉኦኮርቶሎን፣ ቤታሜታዞን የሚሉት ሁሉ ስቴሮይድ ናቸው። ብዙዎቹ መጨረሻቸው «ዞን» ወይም «ሎን» ይላል። ክሎቤታሶል ግን በዚህ አይያዝም፤ ከሁሉም ደግሞ ኃይለኛው እሱ ነው። ፊት ለማንጣት የሚሸጡ ቅባቶች ውስጥም ይገኛል። ቤት ውስጥ ለሌላ ነገር የተገዛ ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ያለበት ቱቦ ካለ እዚያ ቦታ አታስጠጉት።

«ካይን» ብለው የሚጨርሱት ማደንዘዣዎች ናቸው፤ ሊዶካይን፣ ሲንኮካይን፣ ቤንዞካይን። ሕመሙን በደቂቃዎች ያደነዝዛሉ፤ ከዚያ ይለቃል። ከሽንት ቤት በፊትና በኋላ ጥቂት መቀባት ለክፉ ቀን ደግ ነው። እነሱንም ማስረዘም አያስፈልግም፤ በተለይ ቤንዞካይን አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። የአለርጂው ምልክት ደግሞ ማሳከክ ስለሆነ ሰው መድኃኒቱን ሳይጠረጥር ይጨምርበታል።

ፌኒልኤፍሪን ያለበትም አለ። የደም ሥርን ለጊዜው ያጠባል፣ እብጠቱን ትንሽ ያሟሽሻል። ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ታይሮይድ ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የማስቸገር ችግር ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይግዛው።

ወደምወደው ልምጣ። ዚንክ ኦክሳይድ ነጭና ወፈር ያለ ቅባት ነው። አያደነዝዝም፣ እብጠት አያጠፋም። እርጥበቱን ይቀንሳል፤ ቆዳው ላይ ተለጥፎ ከሰገራና ከላብ ይከልለዋል። ማሳከኩ ብዙ ጊዜ ከዚያ እርጥበት ነው የሚመጣው። ለሳምንታት ብትቀቡት ቆዳ አያሳሳም። እኔ በ110 ብር ነው የገዛሁት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሕፃናት የዳይፐር ሽፍታ የሚሸጠው ነጭ ቅባት ብዙ ጊዜ ይኸው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሽቶ የሌለው ከሆነ ይሠራል። «የኪንታሮት» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈበት ብቻ ሦስትና አራት እጥፍ አትክፈሉ። እሱም ከጠፋ ተራ ቫዝሊን አለ። ዋጋ ስታጣሩ ከነማ ፋርማሲን አትዝለሉ፤ ከአንዱ ፋርማሲ ወደሌላው ለአንድ ዓይነት ቱቦ የመቶ ብር ልዩነት አጋጥሞኛል።

ሰፖዚተሪን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው፤ ለአብዛኛው ጠያቂዬ አያስፈልገውም። ፊንጢጣ ውስጥ ሲከተት ወደ ላይ ይንሸራተትና በሰውነት ሙቀት እዚያው ይቀልጣል። የሚያሳክካችሁ ደግሞ ታች፣ በሩ ላይ ነው። መድኃኒቱ አንድ ቦታ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ። ከውስጥ ለሚሰማ ማቃጠልና ምቾት ማጣት፣ ሰገራ ሲወጣም ለማለስለስ ሊጠቅም ይችላል። እኔ ባለ 10 ፍሬውን በ540 ብር ገዝቼ ነበር። ጠዋትና ማታ ሲሆን አምስት ቀን ነው፤ በቀን 108 ብር። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸውና የ7 ቀኑ ገደብ እነሱንም ይመለከታል።

ከገዛችሁ ደግሞ ፍሬውን እዩት። መልኩ የጠመመ፣ አንድ ጎኑ የከበደ ወይም ከማሸጊያው ጋር የተጣበቀ ከሆነ መንገድ ላይ ቀልጦ ዳግም የረጋ ነው። ያኔ መድኃኒቱ በፍሬው ውስጥ እኩል ላይከፋፈል ይችላል። በሻንጣ የገባ ነው ተብሎ በረከሰ ዋጋ የሚሸጠውን በዚህ ምክንያት አልገዛም። ደህናው ፍሬ እጃችሁ ላይ ከለሰለሰ ሳይቀልጥ ከነማሸጊያው ጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን» እያለ የሚለጠፈውን ግን ተዉት። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። የሚያቃጥል ነገር ከሆነ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው መውጫውን ሊያጠበው ይችላል።

እኔ እንዴት ዳንኩ? ስቴሮይዱን አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪሟ አስቀድማ ስለነገረችኝ ቻልኩት። ሳሙና ተውኩ። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ ብቻ እየታጠብኩ፣ ሳልፈትግ በጨርቅ ጫን ጫን አድርጌ እያደረቅሁ ዚንኩን ስስ አድርጌ ቀባሁ። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ 10 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ለድርቀቱ በ120 ብር ግማሽ ኪሎ ተልባ ገዛሁ። ተቆልቶ የተፈጨውን ሁለት ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ በየቀኑ ጠጣሁ። ውሃው ካነሰ ተልባው ራሱ ያደርቃልና አትሰስቱ። ስልክ ይዞ ሽንት ቤት መቀመጥም ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ቃጠሎው ጠፋ። ድርቀቱ ሲለቀኝ ኪንታሮቱም ዝም አለ። ቫዝሊኑን በ80 ብር ጨምሬ ጠቅላላ ወጪዬ 310 ብር ነው።

ከፋርማሲው በር ላይ የደወለልኝ ጓደኛዬ ሰፖዚተሪ በእጁ ይዞ ነበር። «ያምሃል?» አልኩት። «አያመኝም፤ ግን ከሰገራ በኋላ ደም ይንጠባጠባል። ሦስት ወር ሆነኝ» አለኝ። ዕድሜው 46 ነው፤ ታይቶ አያውቅም። መልስና ውጣ አልኩት። ሕመም የሌለው ደማቅ ደም ብዙ ጊዜ የውስጥ ኪንታሮት ነው፤ የአንጀት ካንሰርም ግን እንደዚያው ሊደማ ይችላል፤ በስልክ የሚለይ ሰው የለም። ደሙ ከሰገራው ጋር ከተደባለቀ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም የሰገራ ልማድ ከተለወጠ ደግሞ አንድ ሳምንትም አይጠበቅም። ድንገት ያበጠ፣ የጠቆረና ለመቀመጥ የማያስችል እብጠትም እንዲሁ ነው፤ ደም ረግቶበት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቢከፈት ቶሎ ያሳርፋል።

ጓደኛዬ በማግስቱ ካርድ አወጣ። መሣሪያ አስገብተው ሲያዩት የውስጥ ኪንታሮት ሆኖ ተገኘ። ሥሩን በትንሽ ጎማ አሰሩለትና በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሄደ። ሰፖዚተሪውን ሳይገዛው ቀረ።