18 ወይስ 24 ዲግሪ? የአዲስ አበባ ሰርቨር ክፍል ምርጫ

100 ኪሎዋት የሚፈጅ የሰርቨር ክፍል አዲስ አበባ ላይ ልትሠሩ ነው እንበል። ከሰርቨሮቹ ጀርባ የሚወጣው ትኩስ አየር በበርና በጣሪያ ታጥሮ ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ብቻ ይመለሳል። ቀዝቃዛው አየር በ18 ዲግሪ ይግባ ወይስ በ24? የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

18ን የሚመርጡት አብዛኞቹ ከልማድ ነው። ትኩሱ አየር ሳይታጠር ወደ ፊት እየዞረ ሲቀላቀል ያ ቅዝቃዜ ያስፈልግ ነበር። ከታጠረ በኋላ ግን በዋናነት የሚያለፋው ኮምፕረሰሩን ነው። በ24 ከሆነ፣ የውጭ አየር የሚጠቀም ማቀዝቀዣ ካለ፣ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ኮምፕረሰሩ ለረጅም ሰዓት ያርፋል።

የ18 ጥቅም ስህተትን መቻሉ ነው፤ እዚህ ደግሞ ስህተቱ የሚደበቀው ከፍታው ውስጥ ነው። አየሩ በሰርቨሮቹ ውስጥ ሲያልፍ በ12 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በባሕር ጠለል በሰከንድ 7 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከ9 በላይ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ በሰከንድ 1.75 ሜትር ኩብ ስለሚነፍስ በካታሎግ ቁጥር አራት ማቀዝቀዣ ይበቃል ብለው አምስተኛውን ለመጠባበቂያ የገዙ፣ አምስቱም ቢሠሩ 8.75 አካባቢ ብቻ ያገኛሉ። መጠባበቂያ የለም ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጭነቱ ሙሉ ሳለ አንዱን ማቀዝቀዣ አጥፍቶ ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት ራክ ፊት ለፊት፣ ከላይና ከታች የሚገባውን አየር ሙቀት መለካት። የላይኛው ከታችኛው ይልቅ እየሞቀ ከሄደ ትኩሱ አየር ወደ ፊት እየተመለሰ ነው፤ ባዶ የራክ ቦታዎች በሽፋን መዘጋታቸውንም እዩ። ፈተናውን ካለፈ እኔ 24ን እመርጣለሁ፤ ካላለፈ ግን 18 ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም።