አዲስ ኖታ ሲቀርብ፦ ቆሞ ማረም ወይስ እየጣሉ መቀጠል?

ደሴ ውስጥ ለመዘምራን ፒያኖ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። የለመደውን አሳምሮ ይጫወታል። አዲስ ወረቀት ሲቀመጥለት ግን ይደናበራል። ሁለቱን መንገድ በአንድ አጭር መዝሙር ሞከርናቸው፤ 8 ባር፣ ጂ ሜጀር፣ በአራት ምት።

ቆሞ ማረም፦ አራተኛው ባር ላይ ኤፍ ሻርፕን ረሳ። ቆመ፣ አረመ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ኖታው ተስተካከለ፣ ምቱ ግን ሞተ። በሦስተኛው ዙር ደግሞ ማንበቡን ትቶ ከትዝታው ነበር የሚጫወተው። ይሄ ማታለያ ብዙ ሰው ይሸውዳል።

እየጣሉ መቀጠል፦ መጀመሪያ 30 ሰከንድ ቁልፎቹን ሳይነካ ወረቀቱን አየ። ሻርፑ የት እንደሚገባ፣ ከባዱ ባር የቱ እንደሆነ ለየ። ሜትሮኖሙን 50 ላይ አደረግን። ቀኝ እጁ ዜማውን ብቻ፣ ግራው የየባሩን የመጀመሪያ ቤዝ ብቻ ያዘ። ሲጠፋበት ወደሚቀጥለው ባር መጀመሪያ ዘለለ። መሀል ያሉት ኖታዎች ቀሩ፤ መዝሙሩ ግን ሳይቆም አለቀ። አደጋው፣ በዚያው ከለመደ ግራ እጁ ሰነፍ ይሆናል።

ዓይኑ ቀድሞ እየሄደ መሆኑን ለማወቅ፣ እየተጫወተ ያለውን ምት በወረቀት ሸፈንኩበት። ወዲያው ከቆመ ቀድሞ አላነበበም ማለት ነው።

መዘምራኑ አብረው እየዘመሩ ከሆነ መቀጠል ይሻላል፤ እነሱ አይጠብቁህም። ለሚቀጥለው ወር የሚጠና ሥራ ከሆነ ግን ቆመህ አርም፣ ከተሳሳትክበት ባር ብቻ ጀምረህ።